ከሥራ ተቀንሼ የምጽፈው ማስታወቂያ፦ እስቲ ረቂቄን እዩልኝ

የጣና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ፕሮጀክት የለጋሹ ገንዘብ ተቋርጦበት በየካቲት መጨረሻ ተዘጋ። 4 ዓመት ነው የሠራሁት። ሥራዬ የመድኃኒት አቅርቦት ነው፤ ከባሕር ዳር እየተነሳሁ ጤና ጣቢያዎችን እደግፍ ነበር። የመጨረሻው ቀን ላፕቶፑንና ባጁን አስረክቤ ስወጣ የጥበቃው አባት መዝገቡ ላይ «መውጫ» የሚለው ጋ አስፈረሙኝ። ከዚያ «ነገ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?» አሉኝ፤ አልነገሯቸውም ነበር። እስካሁን ከፊቴ አይጠፋም።

ሊንክድኢን ላይ ሥራ እየፈለግሁ እንደሆነ ላሳውቅ ነው። ማንንም ማማረር አልፈልግም፤ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። መለመንም አልፈልግም። ሦስት ሌሊት ጽፌ ሰረዝኩት። በኋላ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ፤ መጀመሪያ ሐሳቡን በአማርኛ እዩልኝ።

> ውድ ጓደኞቼና የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን የምጽፈው ልቤ እያዘነ ነው። ላለፉት 4 ዓመታት በቅንነት ሳገለግልበት የነበረው ፕሮጀክት በድንገት በመዘጋቱ ያለ ምንም ዝግጅት ከሥራ ውጪ ሆኛለሁ። ሁሉም ለበጎ ነው። አብራችሁኝ ለሠራችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። በአሁኑ ሰዓት ማንኛውንም የሥራ ዕድል ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። እባካችሁ አስታውሱኝ።

ምን ልቀይር?

ሳሚ ቦሌ

አይዞሽ እህቴ። ለእኔ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ብቻ አሳጥሪው። «ማንኛውንም ሥራ» ያልሽው አሪፍ ነው፤ መረቡን ሰፋ አድርገሽ ጣይ። «ይሄን ብቻ ነው የምፈልገው» ካልሽ ሌላው ያልፍሻል። አለቆችሽን ሁሉ ታግ አድርጊያቸው፤ ብዙ ሰው ያየዋል። ሥራ እየፈለግሽ መሆኑን የሚያሳየውን አረንጓዴ ክብም ፎቶሽ ላይ አብሪው።

የቅጥር ጠረጴዛ

የጣና ዳር፣ እንኳን ጻፍሽ። እኔ አዲስ አበባ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በየሳምንቱ አያለሁ። ሳሚ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ማጠሩ ጥሩ ነው። «ማንኛውንም ሥራ» የሚለው ግን የሚጎዳሽ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

እኔ ጋ እንዴት እንደሚደርስ ልንገርሽ። ስልኬ ላይ ከጽሑፍሽ የሚታየኝ ሦስት መስመር ገደማ ነው። የቀረው «see more» ከሚለው ሥር ተደብቋል። ያንቺ ሦስት መስመር «ውድ ጓደኞቼ»፣ «ልቤ እያዘነ»፣ «በቅንነት» ነው። ምን ሥራ እንደምትሠሪ የለም። የት እንዳለሽ የለም። አዝንልሻለሁ፣ የድጋፍ ምልክቷን ተጭኜ አልፋለሁ። ክፋት አይደለም። ለማን እንደማስተላልፍሽ ስለማላውቅ ነው።

በሌላ በኩል፣ ጠዋት አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ያለ ጓደኛዬ «የመድኃኒት ክምችት የሚያውቅ ሰው ታውቂያለሽ?» ቢለኝ፣ «ማንኛውንም ሥራ» ያለችው ትዝ አትለኝም። «የመድኃኒት አቅርቦት፣ ባሕር ዳር» ያለችው ትዝ ትለኛለች። ጽሑፉን የሚያነበው አብዛኛው ሰው ራሱ አይቀጥርሽም። ለሌላ ሰው ስምሽን የሚያነሳ ሰው ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ሊደግመው የሚችል ነገር ስጪው።

ምሬት አልፈልግም ብለሻል። ግን «በድንገት» እና «ያለ ምንም ዝግጅት» ውስጥ ምሬት አለ። አንቺ እውነቱን ነው የጻፍሽው፤ አንባቢው ግን «ቅር ብሏታል» ብሎ ያነባል። «ሁሉም ለበጎ ነው» ደግሞ ያንኑ ያጠናክረዋል፤ ሰው ይህን የሚለው ሲከፋው ነውና። ሦስቱንም አውጪና አንድ ሐረግ ተኪ፦ «ፕሮጀክቱ ገንዘቡ በመቋረጡ በየካቲት ተዘግቷል»። ምክንያትና ቀን፣ በቃ።

ሂሳብ ሹም

ይቅርታ፣ ጽሑፉ ይቆይና ካሳሽን ተቀብለሻል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ አለ። 4 ዓመት ከሆነ 30 ሲደመር 30፣ የ60 ቀን ማለት ነው። በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ ሌላ የ60 ቀን ይጨመራል። ሳታስቢው እንዳያልፍሽ።

የጣና ዳር

አመሰግናለሁ ወንድሜ። የሚገባኝን ከፍለውኛል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ጥያቄዬ ስለ ጽሑፉ ነው።

የቅጥር ጠረጴዛ

ሂሳብ ሹም፣ እሱ እንደ ውሉ ዓይነት ይለያያል። ለአንድ ፕሮጀክት ጊዜ ብቻ የተፈረመ ውልና ቋሚ ውል አንድ አይደሉም። ለሌሎች አንባቢዎች፦ ውላችሁን ይዛችሁ የሕግ ሰው አማክሩ።

አንድ ነገር ግን ከጽሑፉ ጋር ይገናኛል። አሠሪ ውል ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። የጣና ዳር፣ ደብዳቤው በእጅሽ ሳይገባ አትለጥፊ። ደብዳቤው ላይ ያለው የሥራ መደብና ቀን ገጽሽ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ብዙ ሰው ከተቀነሰ በኋላ ገጹ ላይ «እስከ አሁን» የሚለውን ለወራት ይተወዋል፤ አፍሮ ነው። እኛ ስንደውል ግን «ከየካቲት ጀምሮ የለችም» ይሉናል። ያልዋሸ ሰው ውሸታም መስሎ ይቀራል።

ሜሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የእኔን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቆም እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራ አጣ። አንዷ እኔ ነበርኩ። ሁለት ወር ምንም አልጻፍኩም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» እል ነበር። ይሉኝታው ገደለኝ።

በመጨረሻ ጻፍኩ። አረንጓዴውን ክብም አደረግሁ። እዚህ ማንም በክፉ አያየውም፤ ግማሹ የማውቀው ሰው አድርጎት ነበር። ያገኘሁት ሥራ የመጣው ግን ከክቡ አይደለም። ከዓመታት በፊት አብራኝ የሠራች ሴት ጽሑፌን አይታ «ይሄን ሥራ ትችይ እንደነበር ረስቼው ነበር» ብላ ጻፈችልኝ። እሷን ራሴ ፈልጌ መጻፍ ነበረብኝ። ሁለት ወር ያቃጠልኩት በከንቱ ነው።

ጋሽ መርሻ ሰፈር

ልጄ፣ እኔ የምትሉትን መተግበሪያ አላውቀውም፤ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። በእኛ ጊዜ ሰው ከሥራ ሲወጣ እያንዳንዱን ሰው ቢሮው ድረስ ሄዶ ያናግር ነበር። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። አለቆችሽን ሄደሽ ተሰናብተሻል? በስልክ አይሁን። ሻይ ጋብዣቸው። ምስክር የሚሆንሽ ፊትሽን ያየ ሰው ነው።

የጣና ዳር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱን አግኝቻቸዋለሁ፤ አንዱ ከከተማ ወጥተዋል። ሁለቱም ስማችንን ጥሪ ብለውኛል።

ደብዳቤውን ዛሬ ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ረቂቅ ይኸው፦

> የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያ ነኝ፤ ያለሁት ባሕር ዳር ነው። የምሠራበት ፕሮጀክት ገንዘቡ በመቋረጡ በየካቲት ተዘግቷል፤ አሁን በመድኃኒት ክምችትና ሥርጭት ላይ ሥራ እየፈለግሁ ነው።
>
> ላለፉት 4 ዓመታት በ38 ጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓቱ እንዲሻሻል ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጌያለሁ። በቡድን የመሥራት፣ ጫና የመቋቋምና የመግባባት ችሎታ አለኝ።
>
> አብረውኝ የሠሩትን ሁሉ አመሰግናለሁ።

የቅጥር ጠረጴዛ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሁን ሥራቸውን ይሠራሉ። እዚያ አትንኪው።

«ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚለው ግን ምንም አይነግረኝም። እስቲ ንገሪኝ፦ ጤና ጣቢያው ስትደርሺ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ለእኔ ሳይሆን ለእናትሽ እንደምትነግሪ አድርገሽ ንገሪኝ።

የጣና ዳር

መጀመሪያ መጋዘን እገባለሁ። የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ አነሳለሁ፣ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን በእጄ እቆጥራለሁ። ካርዱ 40 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 26 አለ። የት ሄደ? አብዛኛውን ጊዜ ስርቆት አይደለም። ለክፍሉ ሲሰጡ ሳይመዘግቡት ነው። ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ በየሁለት ወሩ የሚላከው የሪፖርትና የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ፣ አርአርኤፍ የምንለው፣ እሱም ይሳሳታል፤ የሚመጣው መድኃኒትም ወይ ያንሳል ወይ ተርፎ ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ተቀምጠን አንድ ላይ እናስተካክላለን። ስጀምር ከ38ቱ ጤና ጣቢያዎች አርአርኤፍ በሰዓቱ የሚልኩት 21 ነበሩ። ስንዘጋ 34 ደርሰው ነበር።

የቅጥር ጠረጴዛ

ይሄውልሽ! ጽሑፍሽ ይሄ ነው። ካርዱ 40፣ መደርደሪያው 26። ይህን ያነበበ የመጋዘን ኃላፊ «ይቺ ሥራውን ታውቀዋለች» ይላል። «ጫና የመቋቋም ችሎታ» መጻፍ ከዚህ በኋላ አያስፈልግሽም።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ 21 እና 34 ከየት የመጡ ናቸው? ከፕሮጀክቱ የውስጥ ሪፖርት ከሆነ የቀድሞ አለቃሽን ፍቃድ ጠይቂ። የጤና ጣቢያ ስምና የመድኃኒት ስም አትጥቀሺ። ሁለተኛ፣ ብቻሽን አላደረግሽውም። «ከጤና ጣቢያዎቹ የመጋዘን ሠራተኞች ጋር» በይ። እውነቱም እሱ ነው፣ ምስጋናሽም ቦታውን ያገኛል። «ሁሉንም አመሰግናለሁ» ከማለት ይህ ይሻላል።

ሳሚ ቦሌ

እሺ፣ «ማንኛውንም» የሚለው ላይ ተረትቻለሁ። ግን «ተዘግቷል» የሚለውን ለምን ትጽፋለች? ማን ጠየቃት? «አዲስ ፈተና እየፈለግሁ ነው» ብትል ቆንጆ ሆኖ ይቆያል። ሥራ የለኝም ማለት ዋጋን ያስቀንሳል፤ ደመወዝ ሲደራደሩ ይጫኗታል።

የቅጥር ጠረጴዛ

ስለ ደመወዙ ያልከው እውነት አለው፤ አልክድም። አንዳንድ ቤት «አሁን ሥራ የላትም» ብሎ ዝቅ አድርጎ ያቀርባል። ግን ዝም ብትል ክፍተቱን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል። «ተባርራ ይሆን? ተጣልታ ይሆን?» የሚለው መጀመሪያ ይመጣል። የፕሮጀክት መዘጋት ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ስለ እሷ ብቃት ምንም አይናገርም። እኔ እንድትጽፈው ነው የምመክረው።

ሂሳብ ሹም

እኔ ከሳሚ ጋር ነኝ። ለቃለ መጠይቁ ማቆየት ይሻላል።

ራሔል ፋርማሲ

ሌላ ነገር ላስጠንቅቅ። እኔ ባለፈው ዓመት ስለጥፍ በሁለተኛው ቀን «ለውጭ አገር ድርጅት መርጠንሻል፣ ለምዝገባ ብር ላኪ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ደብዳቤ ሁሉ ነበረው፣ ማኅተም ያለበት። ሥራ ፈላጊ መሆንሽን ካወቁ ይመጣሉ። የሚቀጥርሽ ሰው ብር አይጠይቅሽም። ስልክ ቁጥርሽንም ጽሑፉ ላይ አትጻፊ፤ በውስጥ መስመር ይጠይቁሽ።

የጣና ዳር

አለቃዬ ቁጥሩን ፈቅደውልኛል፤ ለጤና ቢሮም የቀረበ ነው ብለዋል። ዛሬ ማታ ይህን ለጠፍኩ፦

> የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያ ነኝ፤ ያለሁት ባሕር ዳር ነው፣ ወደ አዲስ አበባም መዛወር እችላለሁ። የምሠራበት ፕሮጀክት ገንዘቡ በመቋረጡ በየካቲት ተዘግቷል፤ አሁን በመድኃኒት ክምችትና ሥርጭት ላይ ሥራ እየፈለግሁ ነው።
>
> ላለፉት 4 ዓመታት ሥራዬ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ መጋዘን ነበር። ቢን ካርዱ 40 ሲል መደርደሪያው ላይ 26 ካለ፣ ልዩነቱ የት እንደሄደ ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ተቀምጠን እናገኘዋለን። ስጀምር ከ38 ጤና ጣቢያዎች ሪፖርታቸውን በሰዓቱ የሚልኩት 21 ነበሩ፤ ስንጨርስ 34 ሆኑ። ይህን ያደረጉት የመጋዘን ሠራተኞቹ ናቸው፤ እኔ አብሬያቸው ስለነበርኩ ደስ ይለኛል።
>
> በመድኃኒት አስመጪ፣ በሆስፒታል ወይም በእርዳታ ድርጅት የክምችት ወይም የሥርጭት ሥራ የሚያውቅ ካለ፣ ማንን ማነጋገር እንዳለብኝ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ክቡን ገና አላደረግሁም። እናቴ ጋ እንዳይደርስ ፈርቼ ነው፤ የአክስቴ ልጆች ሁሉ አሉ። ሥራው መዘጋቱን እስካሁን አልነገርኳትም።

የቅጥር ጠረጴዛ

ቆንጆ ነው። ለእንግሊዝኛውም ያንኑ ቅደም ተከተል ጠብቂ።

ክቡን በተመለከተ፣ «Open to work» ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ። «Recruiters only» ካልሽ ቀጣሪዎች ብቻ ናቸው የሚያዩት፣ ፎቶሽ ላይ ክብ አይወጣም። ሁሉም ያየው ካልሽ ነው አረንጓዴው የሚመጣው። ለእናትሽ ግን ከአክስትሽ ልጆች በፊት አንቺ ንገሪያት።

ከስምሽ ሥር ያለችውን መስመርም እያት። «ሥራ ፈላጊ» ወይም «አዲስ ዕድል በመፈለግ ላይ» አትበይ። እኛ የምንፈልገው በሥራ ስም ነው፤ «ሥራ ፈላጊ» ብሎ የሚፈልግ ቀጣሪ የለም። የሙያሽን ስም እዚያ አኑሪው።

ይህ ሁሉ ግን ግማሹ ነው። ጽሑፉ ሰው እንዲያስታውስሽ ያደርጋል። ሥራውን የሚያመጣው ለየሰዉ የምትልኪው መልእክት ነው። ሠላሳ ሰው ጻፊ፤ በቀን አምስት። ለሁሉም አንድ ዓይነት አትላኪ። ሥራ ስጠኝ አትበይ፤ ማንን ላናግር በይ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ያሸሻል፣ የሌለውን ሥራ ከየት ያምጣ? ሁለተኛውን ግን ማንም ይመልሰዋል።

ሜሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

በክቡ አልስማማም፤ ብታደርገው ምን አለበት? ማፈሩን የሚያቆመው ሁላችንም ስናደርገው ነው።

የቅጥር ጠረጴዛ

እዚያ እውነት ነው። እዚህ ግን «ማንም አልፈለጋትም ማለት ነው» የሚል ቀጣሪ አሁንም አለ። ትክክል አይደለም፤ ግን አለ። ምርጫው የእሷ ነው።

የጣና ዳር

ሁለት ሳምንት ሆነ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ለእናቴ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ቡና አፈላች። «ለምን ብቻሽን ያዝሽው?» አለችኝ። በማግስቱ ክቡን አደረግሁ።

ጽሑፉን ከለጠፍኩ በኋላ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ሥሩ ላይ አሠሪያችንን የሚያማርር ረጅም ነገር ጻፈ። ልቤ ደነገጠ። ላጠፋው አሰብኩ፣ ደግሞ እሱም ተቀንሷል፣ ሕመሙ ይገባኛል። ጥሩ ጊዜ አብረን እንዳሳለፍንና ለእሱም መልካም እንደምመኝለት ብቻ ጽፌ መለስኩለት። ማታ ደወልኩለት። አንድ ሰዓት አወራን። በኋላ ራሱ አጠፋው።

የላክሁት መልእክት ይህን ይመስላል፤ አብሮኝ ለሠራና አሁን አስመጪ ጋ ላለ ሰው ነው፦

> ሰላም፣ እንዴት ሰነበትክ? ፕሮጀክታችን መዘጋቱን ሰምተህ ይሆናል። አሁን የክምችት ወይም የሥርጭት ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንተ ያለህበት ቤት መጋዘኑን የሚመራውን ሰው ማነጋገር ብፈልግ ማንን ልጠይቅ? ባይመችህም አልቀየምህም፣ ሰላምታዬ ይድረስህ።

ከ30ው 17ቱ መለሱ። ስድስቱ ስም ሰጡኝ። አንዱ መልእክቴን መጋዘን ኃላፊያቸው ጋ አደረሰውና ሰውየው ራሱ ደወለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ያ 14 መድኃኒት የት ሄዶ ነበር?» ብሎ ነው። ሐሙስ ለፈተና ጠርተውኛል። ደመወዙን ገና አልነገሩኝም፤ ሳሚ ያለው ጭንቅ አለብኝ።

ሳሚ ቦሌ

እንኳን ደስ አለሽ! የቀድሞ ደመወዝሽን አትንገሪ።

የቅጥር ጠረጴዛ

ሳሚ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል እኮ። ከጠየቁሽ ቁጥሩን ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ ከዚያ ይህ ሥራ በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲሰላ ምን እንደሚያስፈልግሽ አስቀምጪ። ስሌቱን ከሐሙስ በፊት በወረቀት ሥሪው።

ለፈተናው ደግሞ ባዶ ቢን ካርድና የወጪ ገቢ ደረሰኝ ሰጥተው ሙይ ሊሉሽ ይችላሉ። ካልኩሌተር ይዘሽ ሂጂ።

ራሔል ፋርማሲ

አስመጪ መጋዘን ላይ የባች ቁጥርና መድኃኒቱ የሚያበቃበት ቀን በጥብቅ ይታያል። ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይወጣል። ከፈለግሽ ነገ ማታ ደውዪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ።